«8ኬ» ከሚለው ጽሑፍ ጀርባ፦ ለ4ኬ 120 ኸርዝ ቴሌቪዥን የሚሆነው ኤችዲኤምአይ ኬብል የትኛው ነው?

ጓደኛዬ አዲስ ቴሌቪዥን ገዛ። 4ኬ ነው፤ በሰከንድ 120 ምስል ማሳየት ይችላል። የጌም ኮንሶሉ የሚቀመጠው ራቅ ብሎ ስለሆነ 5 ሜትር ኬብልም አብሮ ገዛ። የኬብሉ ካርቶን ላይ «8ኬ»፣ «2.1»፣ «48 ጊጋቢት»፣ «በወርቅ የተለበጠ» የሚሉ ጽሑፎች ተደርድረዋል። ልባሱ እንደ ጫማ ክር የተጎነጎነ፣ ወፍራም፣ ሲያዩት የሚያስተማምን ነው።

በመጀመሪያው ምሽት ጌሙ መሃል ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ሁለት ሰከንድ ያህል ጠፍቶ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንደገና። «የተበላሸ ቴሌቪዥን ነው የሸጡልኝ» ብሎ ደወለልኝ።

ቴሌቪዥኑ ጤነኛ ነበር። ጣጣው የመጣው ከዚያ ከሚያስተማምነው ኬብል ነው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ በኬብሉ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ ትንሽ ማየት ያስፈልጋል።

በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈው ምን ያህል ነው?

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የ4ኬ ምስል ወደ ጎን 3840፣ ወደ ታች 2160 ነጥቦች አሉት። እነዚህ ነጥቦች ፒክስል ይባላሉ። ሲባዙ ወደ 8.3 ሚሊዮን ይጠጋሉ። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አለው። ብርሃንና ጥላውን በሰፊው ለሚያሳየው ኤችዲአር ምስል ለእያንዳንዱ ቀለም 10 ቢት ይያዛል። ቢት ማለት አንድ «0» ወይም «1» ነው። ስለዚህ አንድ ፒክስል 30 ቢት ይፈልጋል፤ አንድ ሙሉ ምስል ደግሞ ወደ 249 ሚሊዮን ቢት።

ይህ የአንድ ምስል ብቻ ነው። በሰከንድ 120 ምስል ሲላክ ወደ 30 ቢሊዮን ቢት ይደርሳል። ቢሊዮን ቢትን ጊጋቢት እንለዋለን። በዚህ ላይ በምስሎቹ መካከል የሚገቡ ክፍተቶች፣ ድምፅና ቢቶቹ ሳይዛቡ እንዲደርሱ የሚጨመር መጠቅለያ አለ። ሁሉም ሲደመር በሰከንድ 40 ጊጋቢት አካባቢ የሚሸከም መንገድ ያስፈልጋል።

ከቀድሞው ጋር እናወዳድረው። 4ኬ በሰከንድ 60 ምስል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት ሲሆን መጠቅለያው ተጨምሮ 18 ጊጋቢት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ወደ 120 ስንሄድ ጭነቱ ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። በ60 ያለ እንከን ለዓመታት የሠራ ኬብል በ120 ሊንገዳገድ የሚችለው ለዚህ ነው። ኬብሉ አላረጀም፤ የተሸከመው በዛበት እንጂ።

«2.1» የኬብል ስም ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

እንደ 2.0 እና 2.1 ያሉት ቁጥሮች የኤችዲኤምአይ ደረጃ ሰነድ እትሞች ናቸው። 2.0 በ2013፣ 2.1 ደግሞ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። ሰነዱ መሣሪያዎች ምን ምን ማድረግ እንደሚችሉ ይዘረዝራል። ብዙዎቹ ችሎታዎች ግን በአምራቹ ፈቃድ የሚገቡ ናቸው። አምራቹ ከዝርዝሩ አንዷን ብቻ አስገብቶ «2.1» ብሎ መጻፍ ይችላል። ለዚህ ነው «2.1» ተብሎ ተጽፎበት ከ18 ጊጋቢት በላይ የማይቀበል ስክሪን ገበያ ላይ የሚገኘው። ማጭበርበር ቢመስልም ደንቡ የሚፈቅደው ነገር ነው።

ኬብሎች የራሳቸው ስም አላቸው። ስማቸውም በቁጥር ሳይሆን በቃል ነው። «ሃይ ስፒድ» የሚባለው ወደ 10 ጊጋቢት ይሸከማል። «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» 18 ጊጋቢት። «አልትራ ሃይ ስፒድ» 48 ጊጋቢት። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ከ2.2 እትም ጋር «አልትራ96» የሚባል ተጨመረ፤ እሱ እስከ 96 ጊጋቢት የሚደርስ ነው። ለ4ኬ በ120 አያስፈልግም።

ከላይ ካለው ሒሳብ ጋር ሲገናዘብ መልሱ ቀላል ነው። 4ኬን በ120 ለሚያሳይ ቴሌቪዥን የሚሆነው «አልትራ ሃይ ስፒድ» ነው። በ144 የሚሠሩትንም ይችላቸዋል። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ `Ultra High Speed HDMI Cable` ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። አንድ ቃል ከጎደለ ሌላ ኬብል ይመጣባችኋል። «ሃይ ስፒድ» እና «አልትራ ሃይ ስፒድ» በስም ይቀራረባሉ፤ በመሸከም አቅም ግን አንዱ የሌላውን አምስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው።

«8ኬ» የሚለውስ? እሱም የደረጃ ስም አይደለም። የ8ኬ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ከነሙሉ ቀለሙ በ10 ቢት ልላክ ቢል መጠቅለያው ሳይቆጠር እንኳ 60 ጊጋቢት ገደማ ነው። በ48 ጊጋቢት መንገድ የሚያልፈው ተጨምቆ ወይም የቀለሙ መረጃ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ «8ኬ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ስለ ኬብሉ አቅም ምንም አያስረዳም።

ዲጂታል ከሆነ ኬብል ከኬብል ለምን ይለያል?

«ዜሮና አንድ አይደለም እንዴ? ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም» የሚል ክርክር አለ። ግማሹ እውነት ነው። ቀሪውን ግማሽ ለማየት ኬብሉን እንክፈተው።

በውስጡ ለምስል የተመደቡ አራት ጥንድ ሽቦዎች አሉ። በቀድሞው አሠራር ሦስቱ ጥንዶች ምስል ሲይዙ አራተኛው የሰዓት ምት ይመታል፤ ተቀባዩ መቼ መቼ ማንበብ እንዳለበት የሚነግረው እሱ ነው። ከ2.1 ጋር በመጣው አዲሱ አሠራር አራቱም ምስል ይሸከማሉ። እያንዳንዱ ጥንድ በሰከንድ እስከ 12 ጊጋቢት፤ አራቱ አንድ ላይ 48።

12 ቢሊዮን ቢት በአንድ ሰከንድ ማለት ምን ያህል መጨናነቅ እንደሆነ በርቀት እንለካው። ምልክቱ በኬብሉ ውስጥ የሚጓዘው ከብርሃን ፍጥነት ዝቅ ብሎ ነው። በዚያ ፍጥነት አንድ ቢት የሚይዘው ቦታ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ2 ሜትር ኬብል ውስጥ፣ በአንዱ ጥንድ ብቻ፣ ከመቶ በላይ ቢቶች ተከታትለው እየሮጡ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳይደርስ መቶኛው ተነስቷል።

መዳብ ይህን ፍጥነት አይወደውም። ምልክቱ በፈጠነ ቁጥር ኤሌክትሪኩ በሽቦው መሃል ማለፉን ትቶ ወደ ላይኛው ቆዳ ይሰበሰባል። የሚያልፍበት ቦታ ስለሚጠብም ይዳከማል። ሲነሳ ጥርት ያለ የነበረው «0» እና «1» እየደበዘዘ አንዱ በሌላው ላይ መፍሰስ ይጀምራል። ገደል ማዶ ላለ ሰው ቀስ እያላችሁ ስትጣሩ ይሰማችኋል። ቶሎ ቶሎ ስትናገሩ ግን ገደል ማሚቶው ቃላቱን ያደባልቀዋል። ርቀቱም ፍጥነቱም እኩል ጠላት ናቸው።

ቴሌቪዥኑ የደበዘዘውን ምልክት ለማጥራት ይሞክራል፤ ጥቂት ስህተትም ራሱ ያርማል። እስከዚያ ድረስ ምስሉ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። «ይህ ኬብል ቀለሙን ያደምቃል»፣ «ያኛው ጥቁሩን ያጠልቃል» የሚባለው ወሬ ውድቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቢቶቹ ከደረሱ ደረሱ፤ የተሻለ መድረስ የሚባል የለም። በወርቅ መለበጡም የሚጠቅመው መሰኪያው እንዳይዝግ ነው። ለምስሉ ጥራት የሚጨምረው የለም።

ስህተቱ ከሚታረመው በላይ ሲሆን ግን ነገሩ ድንገት ይፈርሳል። በቀድሞው አሠራር ብዙ ጊዜ የሚታየው ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጫጭ ነጥቦች ናቸው። በአዲሱ አሠራር የስህተት ማረሚያ ስላለ ነጥቦቹ ብዙም አይታዩም። ማረሚያው ሲሸነፍ ምስሉ ጭራሽ ይጠፋል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች እንደገና እስኪግባቡ ስክሪኑ ይጠቁራል። የጓደኛዬ ሁለት ሰከንድ ይህች ነች።

ሳላውቅ ጥራቴ ሊወርድ ይችላል?

ይችላል። እኔ በበኩሌ ከመጥቆሩ ይልቅ ይህኛው ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም አይታይም።

ተራ የመዳብ ኬብል መታወቂያ የለውም። በውስጡ «እኔ 18 ነኝ» ወይም «እኔ 48 ነኝ» የሚል ምንም ነገር የለም። ኮንሶሉ የሚያነበው ቴሌቪዥኑ የሚያቀርብለትን የችሎታ ዝርዝር ነው። ቴሌቪዥኑ «120 እችላለሁ» ካለ ኮንሶሉ ያምናል። መሃል ላይ ያለውን መንገድ ሁለቱም አያውቁትም።

ስለዚህ በአዲሱ አሠራር መጀመሪያ ይፈታተሻሉ። ኮንሶሉ የታወቀ የሙከራ ምልክት በከፍተኛው ፍጥነት ይልካል። ቴሌቪዥኑ በእያንዳንዱ ጥንድ የመጣውን ያያል። ከተበላሸ ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ወርደው እንደገና ይሞክራሉ። ይህ ሁሉ እናንተ ጥቁር ስክሪን እያያችሁ በምትጠብቁበት ቅጽበት ያልቃል።

በዝቅተኛ ፍጥነት ከተስማሙ የሆነ ነገር መቀነስ አለበት። አንዱ መሣሪያ 120ውን ወደ 60 ያወርዳል። ሌላው 120ውን ይዞ ቀለሙን ይቀንሳል። ቀለም የሚቀነስበት መንገድ ብልሃት አለው። ዓይናችን የብርሃን ልዩነትን አጥርቶ ሲያይ የቀለም ልዩነትን ግን ያን ያህል አይለይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፒክስል ብርሃኑ ይላካል፤ ቀለሙ ግን አራት ፒክስሎች አንዱን እየተጋሩ ይላካል። በዚህ መንገድ 4ኬን በ120፣ በ8 ቢት፣ በ18 ጊጋቢት ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ፊልም ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ጽሑፍ ላይ ግን ያሳብቃል።

እኔ ቴሌቪዥኔን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ለወራት ስሠራ ቀያይ ፊደሎች ጠርዛቸው የተቀባ የሚመስሉት መነጽሬ እየደከመ መስሎኝ ነበር። ዊንዶውስ ላይ `Settings` ከዚያ `System` ከዚያ `Display` ከዚያ `Advanced display` ስገባ `Color format` የሚለው መስመር ጉዱን አወጣው። `RGB` መሆን ሲገባው 420 የሚል ቁጥር ነበረበት። 420 ማለት ያ አራት ፒክስል የሚጋራው ቀለም ነው። እዚያው ገጽ ላይ ስንት ኸርዝ እየሄደ እንደሆነና `Bit depth` ስንት እንደሆነም ይታያል። ኬብሉን ቀየርኩ፤ መነጽሬ ተሻለው።

ኮንሶሎችም ሴቲንጋቸው ውስጥ አሁን የሚወጣውን ምልክት የሚያሳይ ገጽ አላቸው። ኬብል ስትቀይሩ ማየት ያለባችሁ ያንን ነው። በዓይን ማወዳደር ያታልላል።

እውነተኛውን ኬብል በምን ልወቀው?

«አልትራ ሃይ ስፒድ» ተብሎ እንዲሸጥ የተፈቀደለት ኬብል ፈተና አልፏል። ፈተናው የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ርዝመት ለየብቻ ነው። የ1 ሜትሩ ማለፍ ለ3 ሜትሩ ወረቀት አይሆንም። ኬብሉ በዙሪያው የሚረጨው የሬዲዮ ጩኸትም ይለካል። ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። ደካማ መከለያ ያለው ኬብል ከአጠገቡ ያለውን ዋይፋይ ሊረብሽ ይችላል። ኮንሶሉ ሲበራ ዋይፋይ ከደከመ ኬብሉንም ጠርጥሩ።

ያለፈ ኬብል ካርቶኑ ላይ ኪውአር ኮድ ያለበት የማረጋገጫ ስቲከር ይለጠፍበታል። ስቲከሩን በተራ ካሜራ ማንሳት በቂ አይደለም። `HDMI Cable Certification` የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ፤ በእሱ ነው የሚነበበው። መተግበሪያው የኬብሉን ብራንድ፣ ሞዴልና ርዝመት ይነግራችኋል። እነዚህን በእጃችሁ ካለው ካርቶን ጋር አስተያዩ። ስቲከር ፎቶ ተነስቶ ሊባዛ ይችላል። የሌላ ብራንድ ስም ወይም ሌላ ርዝመት ከመጣ ስቲከሩ የተገለበጠ ነው።

ካርቶን ለሌለው ኬብል ደግሞ ልባሱ ላይ የታተመውን አንብቡ። የደረጃው ስም በሙሉ ቃል እዚያ መኖር አለበት። «2.1» ወይም «8ኬ» ብቻ ካለና ስሙ ከሌለ ኬብሉ በግድ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ምናልባት ይሠራል። ግን ዋስትና የሚሰጣችሁ ሻጩ እንጂ ፈተና አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት የኮንሶላችሁን ካርቶን ፈትሹ። 4ኬን በ120 የሚያወጡት አዳዲስ ኮንሶሎች አብሯቸው የሚመጣው ኬብል ራሱ አልትራ ሃይ ስፒድ ነው። ስንት ሰው እሱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ የተጎነጎነውን ገዝቶ ይሰካል!

ርዝመቱ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ብዙ። ከላይ ያየነው መዳከም በእያንዳንዱ ሜትር ይጨምራል። በተራ መዳብ 48 ጊጋቢትን 2 ወይም 3 ሜትር ማድረስ ብዙ አያስቸግርም። ወደ 5 ሜትር ሲጠጋ ጥሩ ሥራ ይጠይቃል፤ ሽቦውም ይወፍራል። ውፍረቱ ሲባል የውስጡ መዳብ ነው፤ የውጭው ልባስ አይደለም። የተጎነጎነ ጨርቅ ከውስጥ ያለውን ቀጭን ሽቦ ሊሸፍን ይችላል።

ከዚያ በላይ ለሚርቅ ምስሉን ወደ ብርሃን ቀይሮ በመስታወት ክር የሚያሳልፍ የኦፕቲካል ኬብል አለ። አሥር ሜትርና ከዚያም በላይ በደንብ ይሄዳል። ግን ጠባይ አለው። ሁለቱ ጫፎች አይቀያየሩም፤ አንደኛው ጫፍ ለኮንሶሉ፣ ሌላኛው ለቴሌቪዥኑ ነው፤ ጫፎቹ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ገልብጣችሁ ከሰካችሁ ምስል አይመጣም። በግድግዳ ውስጥ ከቀበራችሁት በኋላ ይህን ማወቅ ያናድዳል። ቀድማችሁ ዘርግታችሁ ሞክሩት። ሹል አድርጎ ማጠፍም ክሩን ይጎዳዋል።

ሁለት አጭር ኬብል በማገጣጠሚያ አስተሳስሮ ማስረዘምስ? በ60 ብዙ ጊዜ ይሠራል። በ120 ግን እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ምልክቱን የሚያንገራግጭ ጉድጓድ ነው። ባታደርጉት ይሻላል።

ኬብሉ ትክክል ሆኖ 120 ካልመጣስ?

ያኔ ኬብሉን ተዉትና ቴሌቪዥኑን ጀርባውን እዩት። አራት ፖርት ቢኖረውም አራቱም እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ብዙ ቴሌቪዥኖች 4ኬን በ120 የሚቀበሉት በሁለቱ ብቻ ነው። ከፖርቱ አጠገብ «4ኬ 120» የሚል ጽሑፍ ይኖራል፤ ካልሆነ መመሪያው ላይ አለ። በአንዳንዶቹ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ድምፅ ወደ ሳውንድባር የሚላክበት ፖርት ራሱ ነው። ሳውንድባር ያለው ሰው ለኮንሶል የሚቀረው አንድ ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሴቲንጉ። ከሳጥኑ ሲወጣ ፖርቱ በቆየው ዝቅተኛ አሠራር ላይ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ፖርት ሙሉ አቅሙን የሚከፍት ምርጫ አለ። አምራቾቹ የተለያየ ስም ይሰጡታል፤ የግብዓት ወይም የውጭ መሣሪያ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉት።

በመሃል የሚገባ መሣሪያም አለ። ኮንሶሉ በሳውንድባር ወይም በድምፅ ማጉያ በኩል አልፎ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄድ ከሆነ ያ መሣሪያም 120ን ማሳለፍ አለበት። ብዙ ቆየት ያሉት 18 ጊጋቢት ላይ ያቆማሉ። ከሁለቱም ወገን ያለው ኬብል ቢያምርም መንገዱ የሚጠበው እዚያ ነው። መፍትሔው ኮንሶሉን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ አገናኝቶ ድምፁን ብቻ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሳውንድባሩ መመለስ ነው።

የጓደኛዬን ችግር እንዴት ለየነው?

በስልክ ነው የሠራነው፤ አንድ ምሽት ፈጀ።

መጀመሪያ ኮንሶሉን ወደ 60 እንዲያወርደው ነገርኩት። አንድ ሰዓት ተጫወተ፤ አንድም ጊዜ አልጠቆረም። ይህ ብዙ ይናገራል። ችግሩ የመጣው ጭነቱ ከፍ ሲል ብቻ ነው። ፓነሉ ቢበላሽ ወይም መሰኪያው ቢላላ በ60ም ይጠፋ ነበር።

ቀጥሎ ወደ 120 መለሰውና ኮንሶሉን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግቶ ከኮንሶሉ ካርቶን ባወጣው አጭር ኬብል ሰካው። እዚያው ፖርት ላይ። ሁለት ሰዓት ያለ ችግር ሄደ። ከዚያ የ5 ሜትሩን መልሶ፣ አሁንም እዚያው ፖርት ላይ፣ ሰካ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስክሪኑ ጠቆረ።

ይህ መመላለስ ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል። ግን የመጀመሪያውን ኬብል ካልመለሱ አጭሩ ስለተሻለ ይሁን፣ መሰኪያው በደንብ ስለገባ ይሁን አይታወቅም። ፖርቱ ያው፣ ኮንሶሉ ያው፣ ሴቲንጉ ያው ሆኖ የተቀየረው ኬብሉ ብቻ ሲሆን ነው ጣት መጠቆም የሚቻለው።

በመጨረሻ የኬብሉን ካርቶን በፎቶ ላከልኝ። ኪውአር ኮድ ያለው ስቲከር የለም። ልባሱ ላይ የታተመው «2.1» እና «8ኬ» ነው። የደረጃው ስም የትም የለም።

ኮንሶሉን እንደተጠጋ ተወው፤ አጭሩ ኬብል በ120 እየሠራ ነው። የ5 ሜትሩን ሊጥለው ነበር። አይሆንም አልኩት። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ በ4ኬም ቢሆን ጭነቱ ለ120 ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ነው። የፊልም ማጫወቻውም ከ60 አያልፍም። ለእሱ 18 ጊጋቢት ይበቃል። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት መተግበሪያዎች ደግሞ በኬብሉ ጭራሽ አያልፉም። ያ የተጎነጎነ ኬብል አሁን ፊልም ማጫወቻው ላይ ነው። እስካሁን አንድም ጊዜ አልጠቆረም።